የሞክሼዬ ገንዘብና አርባ ቆርቆሮ

በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደ እኔ ውዝፍ የጠበቀ ሰው አልነበረም። የደረጃ እድገቴ ከጸደቀ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ የደመወዙ ልዩነት ግን አልተከፈለኝም። ጽሕፈት ቤት በሄድሁ ቁጥር «በጀት ሲለቀቅ» ይሉኛል። በጀት የሚባለው ነገር እንደ በሬ በገመድ የታሰረ መስሎኝ፣ ማን ጨክኖ እንዳሰረው ሳስብ ስንት ሌሊት ነጋብኝ። ተማሪዎቼን ማባዛት የማስተምረው እንኳ በዚያው በውዝፌ ነበር። የአንድ ወሩን ልዩነት በሃያ አራት ወር ያባዛሉ፤ ጎበዙም ሰነፉም የሚያገኘው መልስ አምስት ሺህ ብር አይሞላም። ይህን አስታውሱልኝ። አምስት ሺህ አይሞላም።

ደመወዛችን በባንክ መግባት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ባንኩም ኮምፒውተር አስገብቶ ከሌሎቹ ከተሞች ጋር በመስመር ተገናኝቷል ተባለ። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ሥልጣኔ ያወቅነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሲስተም የለም»። ጧት ስንሄድ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ስንሄድ ሲስተም የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሲስተም ከሥራ የሚቀር አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ነው ብዬ ለባልደረቦቼ አስወርቼ ነበር። አንዱማ አምኖኝ «እስካሁን ሳያባርሩት!» ብሎ ተናዶለታል።

አንድ ቀን ታዲያ ሲስተም ተገኘና ሦስት መቶ ብር ላወጣ ደብተሬን ሰጠሁ። ወጣቱ ገንዘብ ከፋይ ደብተሩን በማተሚያው አሳልፎ ከብሬ ጋር መለሰልኝ። ደጅ ወጥቼ ገለጥሁት። እኔ የማውቀው ቀሪ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብር ነው። የታተመው ግን ሠላሳ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ብር ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ደብተሩን ዘቅዝቄም አየሁት። ከቡሬ ቅርንጫፍ ሠላሳ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ገቢ ሆኗል። እኔ ቡሬ ውስጥ የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የሠላሳ ብር ባለዕዳዬ ሲሆን መንገድ ላይ ሲያየኝ ነው የሚሻገረው።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዞሬ አምስት እርምጃ ብራመድ ከፋዩ ፊት ነኝ። «ይህ የእኔ አይመስለኝም፤ እስቲ እዩልኝ» ማለት ነው፤ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ዛሬ በእነዚያ አምስት እርምጃዎች ስንቱን መንገድ መቆጠብ እችል እንደነበር ሳስብ እግሬን ልመታው ይቃጣኛል። እኔ ግን ደብተሩን ካልሲዬ ውስጥ ከተትሁና በዋናው መንገድ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ሄድሁ። የጋሪ ፈረሶቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር።

ባለቤቴ ጓሮ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። በየዓመቱ አንድ ጆንያ በርበሬ ገዝታ ዋጋው እስኪወጣ ታስቀምጣለች፤ የራሷ ገንዘብ እሱ ነው፤ እኔም አልነካውም። ደብተሩን አሳየኋት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ውዝፌ ነዋ!»

«አምስት ሺህ አይሞላም ስትል አልነበር?»

«ወለድ ወልዶ ይሆናል።»

ቀና ብላ አየችኝ። በርበሬው ይሁን እኔ እንጃ፣ ዐይኗ ቀልቷል። «ውዝፍህ ከቡሬ ነው የሚመጣ? ነገ ሂድና ጠይቅ። እስክትጠይቅ አንዲት ሳንቲም እንዳትነካ።»

«ነገ እጠይቃለሁ» አልኋት።

ነገ ሄደ፤ ከነገ ወዲያም ሄደ። ውስጤ የተቀመጠ ጠበቃ ነበር፤ ሳልቀጥረው የሚከራከርልኝ። «ካልጠየቅህ አላወቅህም፤ ካላወቅህ ደግሞ አላጠፋህም» ይለኛል። «ወዲያውም መንግሥት ለሌላም ለምንም ያስገባ ይሆናል። አንተ ምን አግብቶህ ሥራቸውን ትሠራለህ?» ይለኛል። አሥር ቀን ሙሉ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቁልፉን በአንገቴ አሰርሁ። ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር ባንኩ ራሱ ከነሕንጻው ተነሥቶ የመጣ ይመስለኛል። ማንም አልመጣም። አለመምጣቱ ነው ያጠፋኝ። ሰው በአሥር ቀን ከለመደ ሁሉም ነገር የሱ ይመስለዋል።

አሥራ አንደኛው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን አስተዳዳሪ ሕዝቡን አስቀምጠው ስለ ዕቃ ቤቱ ተናገሩ። ክረምት ሳይገባ ካልተከደነ መጻሕፍቱም ልብሱም ይበሰብሳል፤ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ጸሐፊው መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። አንዱ ተነሥቶ «ሁለት ቆርቆሮ» አለ፤ እልል ተባለ። ሌላው «ሦስት» አለ፤ እልል ተባለ። አንዲት ሴት «አንድ፣ ከነምስማሩ» አሉ፤ ለሳቸው የተሰማው እልልታ ከሁሉም በለጠ።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ከጎኔ ያለውን ሰው አስቃለሁ። ይህን ጊዜ ከፊት ያለ አንድ የእህል ነጋዴ ዞር ብሎ «መምህር፣ አንተማ የምትሰጠው ቀልድ ብቻ ነው። ቀልድ ደግሞ ዝናብ አይከላከል» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። በቀልድ ከኖረ ሰው ላይ ሌላ ሰው ቀልዶ ሲያስቅ እንዴት እንደሚያም የቀመሰ ያውቀዋል። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«አርባ ቆርቆሮ!» አልሁ።

አስተዳዳሪው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ይኼ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። ቀልድ አይደለም።»

«አልቀለድሁም መምሬ። አርባ፤ ነገውኑ።»

ከዚያ በኋላ የተሰማው እልልታ ቡሬ ድረስ ሳይደርስ አልቀረም። ዋሽቼም ከሆነ ደንበጫ ድረስ ግን በርግጥ ደርሷል። ስሜና የአባቴ ስም መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ከፊቱ «አርባ» ተብሎ። እልል ያላለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች። ባለቤቴ ናት።

ሰኞ አሥር ሺህ ብር አወጣሁ። አርባውን ቆርቆሮ አንዱን በመቶ ዘጠና ብር ገዝቼ በሁለት ጋሪ አስጭኜ በዋናው መንገድ፣ ሰው እንዲያየኝ ቀስ እያልሁ፣ ደብሩ አደረስሁ። በተረፈው ካፖርት ገዛሁ፤ ባልደረቦቼን ጥሬ ሥጋ ጋበዝሁ፤ ለአንዱም ብድር ሰጠሁ፤ ብድሩ እስከ ዛሬ እንደ ወጣ ነው። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ወጥ ስታቀርብልኝ እንኳ ሳህኑን የምታስቀምጠው እንደ ማኅተም ነበር፤ ዷ!

በሳምንቱ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በመስኮት ብቅ አለ።

«መምህር፣ ከባንክ ይፈልጉሃል። አሁኑኑ አሉ።»

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ልስቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። ቢሮው ውስጥ ጋቢ የደረበ፣ ዱላውን በጉልበቱ መካከል ያቆመ አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ ተቀምጧል፤ በእጁ የባንክ ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

«ይቀመጡ መምህር» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወደ ገበሬው ዞሮ «አባቴ፣ ስምዎን ይንገሯቸው» አለ።

ሰውየው ስሙን ነገረኝ። የእኔ ስም ነው። የአባቱን ስም ጨመረ። የአባቴ ስም ነው። የአያቱን ሲጠራ ገና ተለያየን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰውየው ገበዝ ማርያም፣ ቋሪት ነው ቤቱ። የባሕር ዛፍ ደኑን ለቡሬ እንጨት ነጋዴ ሸጠ። ነጋዴው ገንዘቡን በባንክ ሊያስገባለት ቢሄድ የሒሳብ ቁጥሩን የጻፈበት ወረቀት ጠፋው። «ስሙን አውቀዋለሁ፤ ደብተሩ ፍኖተ ሰላም ነው» አለ። ቁጥር ካልመጣ መቀበል አይፈቀድም ነበር፤ ወረፋው ግን በሩን አልፏል፣ ነጋዴው ይቸኩላል። ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት በስም ፈልጋ የመጀመሪያውን አገኘች። ስሙና የአባቱ ስም ልክ ነው፤ ቅርንጫፉም ልክ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በዚሁ አይደል? አያትን ማን ይጠይቃል! የእኔን ቁጥር በገቢ ወረቀቱ ላይ ጻፈችለት፤ ነጋዴው ፈረመ፤ ገንዘቡ እኔ ዘንድ መጣ።

«ስሕተቱ የኛም የነጋዴውም ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያስገቡት እርስዎ አይደሉም፤ በዚህ ማንም አይጠይቅዎትም። ያን ቀን አይተው ቢነግሩን በአንድ ፊርማ፣ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አሁን ግን አሥር ሺህ አውጥተዋል።»

«ውዝፌ መስሎኝ ነው» አልሁ።

«ውዝፍዎ ስንት ነበር?»

ያ በሃያ አራት ያባዛሁት ሁሉ አፌ ላይ ተደረደረ። ልዋሽ እችል ነበር። ገበሬው ግን ዐይን ዐይኔን ያየኛል። «አምስት ሺህ አይሞላም» አልሁ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። ሒሳቤ መታገዱን ነገረኝ። በፈቃዴ ከፈረምሁ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ለባለቤቱ ይዛወራል፤ የጎደለውን እኔ አሟላለሁ። ካልፈረምሁ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የራሴ አለመሆኑን እያወቅሁ አውጥቼ እንደሆነ ደግሞ ፖሊስም ይመለከተዋል። ይህን ሁሉ የተናገረው የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው። እኔ ግን በሐሳቤ ተከስሼ፣ ተፈርዶብኝ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ ተማሪዎቼ ብርቱካን ይዘው እስር ቤት ሲጠይቁኝ ደርሻለሁ።

ፈረምሁ። የእኔም አራት መቶ አሥራ ሁለት ብር አብሮ ተጠርጎ ሃያ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ብር ተዛወረ። የቀረብኝ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ብር ነው።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው አፉን የከፈተ። እሰደባለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ፈገግ አለና «ሞክሼ ነና!» አለኝ።

ይህን ቃል በሕይወቴ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲያ የከበደኝ ግን የለም።

«ሞክሼ» አለ እንደገና፣ «ባለቤቴ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ናት። ሆዷ ውስጥ እብጠት አለ። ዓርብ ጧት ትቀደዳለች፤ ሐኪሙ ቀን ሰጥቶናል። ሠላሳ ሺውን ካላስያዛችሁ አልጋ የለም ብለውናል። ይህ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን የሚሰጡን ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ሐኪሙም መቆየት አይሆንም ብሏል።» ፌስታሉን አገላበጠ። «ደኔን የሸጥሁት ለሌላ አይደለም። ምን ላድርግ ትለኛለህ?»

ሥራ አስኪያጁን አየሁት። «ባንኩ ለጊዜው አይሸፍንም?»

«እኔ በፊርማዬ አልችልም። ዋናው መሥሪያ ቤት እስኪያጣራ ወር ይፈጃል። የቡሬዋም ልጅ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ እያለቀሰች ነው። መፍትሔው እርስዎ ጋ ነው መምህር። ሐሙስ ባንክ ሳይዘጋ ይምጣ፤ እሳቸው ዓርብ ባንክ ሲከፈት ባሕር ዳር ያወጡታል።»

ማክሰኞ ነው። ሁለት ቀን።

ለባለቤቴ ስነግራት ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ሴትዮዋ ስንት ልጅ አላት?» አለችኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ተነሥታ በርበሬዋ ወደ ተቀመጠበት ክፍል ገባች፤ ጆንያውን ስትጎትት ይሰማኛል።

«ዋጋው ገና አልወጣምኮ» አልኋት።

«የኔ ነገር አያስጨንቅህ። አንተ ቆርቆሮህን አስመልስ።»

አስመልስ! አርባ ቆርቆሮ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ፣ እልል አስብሎ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መልሱልኝ የሚል ሰው ፍኖተ ሰላም ተወልዶ አያውቅም። መጀመሪያው እኔ ልሆን ነው።

ረቡዕ ጧት ከሞክሼዬ ጋር ደብሩ ሄድን። አስተዳዳሪው ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ክፉ ዕድሌ ሆኖ የሰበካ ጉባኤው አባላትም ስለ ምስማር ሊነጋገሩ ተሰብስበዋል፤ ያም የእህል ነጋዴ አባል ነው። ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ምንም አላጋነንሁም፤ ሚስቴ እንኳ ብትሰማኝ እኔ መሆኔን ትጠራጠር ነበር።

ነጋዴው ቀድሞ ተነሣ። «ቆይ እንጂ! በታቦት ፊት የተሰጠ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው። አንዱ ሲያገኝ እየሰጠ ሲቸግረው ሊወስድ ነው? ነገ ሁሉም ሊመጣ ነዋ!»

ሁለት ሰዎች «እውነት ነው» አሉ። ሞክሼዬን አየሁት፤ ይከራከርልኛል ብዬ። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«መምሬ» አለ፣ «እኔ ከታቦት አልቀማም። ሚስቴ ቢላዋ ሥር ልትተኛ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ አሳክሜ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ይቅር። እመለሳለሁ።»

ዱላውን አነሣ። እውነቱን ነው፤ ሊሄድ ነው። ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም እንዲያ አላስፈራኝም። ይህ ሰው ከዚህ ግቢ ከወጣ ገንዘቡን ብሸከም እንኳ አይቀበለኝም፤ ዓርብ ታልፋለች።

«ቆይ ልጄ» አሉ አስተዳዳሪው። ወደ ሞክሼዬ ሳይሆን ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተ፣ የሰጠኸው የማንን ነው?»

«የሳቸውን።»

«እሱ ስጥልኝ ብሎህ ነበር?»

«የለም መምሬ።»

ወደ ገበሬው ዞሩ። «ሰማህ? እኛ ከአንተ አልተቀበልንም፤ አንተም አልሰጠኸንም። ይህም ሰው የራሱን አልሰጠንም። ያልተሰጠን ነገር እኛ ዘንድ ተቀምጧል፤ ከታቦት የሚቀማ የለም። ይልቅስ እኛ ብናስቀረው ነው ያንተን የቀማን። አሁን ባለገንዘቡ አንተ ነህ። ልስጥ ብትል ሙሉ ፈቃድህ ነው፤ ልውሰድ ብትልም እንደዚሁ። ጠበል ቅመስና ረጋ ብለህ ተናገር።»

ሞክሼዬ ረዥም ጊዜ መሬቱን በዱላው ጫረ። ደቂቃ ይሁን ክረምት አላውቅም፤ ለእኔ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ልውሰድ» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ሚስቴ ትዳንልኝ።»

«እግዜር ይማራት» አሉ አስተዳዳሪው። ቁልፉን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ለእህል ነጋዴው ሰጡት። «አንተ ክፈትላቸው። ጋሪም አንተ ጥራ።» ነጋዴው ቁልፉን ተቀበለ፤ ሳይወድ በግዱ ከእኔ እኩል ቆርቆሮ ተሸከመ። ያን ቀን ቀልድ መጣልኝ፤ ዋጥሁት።

አርባው ግን አርባ አልነበረም። ሦስቱ የደብሩ ዘበኛ ጎጆ ላይ ተመትተዋል። ሠላሳ ሰባቱን ጭነን ሻጩ ዘንድ ስንደርስ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ፣ ጠርዛቸው ተጣሟል እያለ፣ ከየአንዳንዱ አሥር አሥር ብር ቀንሶ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስድሳ ብር መለሰልን። አርባውን ቆርቆሮ ጭኜ በሰልፍ ባለፍሁበት መንገድ ነው የተመለስሁት፤ ያኔ የቆሙት ሰዎች ሁሉ አሁንም ቆመዋል። ሥራ የላቸውም እንዴ ይህ ሕዝብ!

ሐሙስ ጧት ባለቤቴ በርበሬዋን ገበያ አውጥታ ባልወጣ ዋጋ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ሸጠች። እኔ ካፖርቴን ለባልደረባዬ በአራት መቶ ሃምሳ ሰጠሁ፤ የቁልፉ ክር ገና አልተፈታም። ደመርሁት። ደብተር ላይ ጽፌ፣ ተማሪዬን እንኳ አስደምሬ አረጋገጥሁ። ከሚፈለግብኝ ሃያ ሁለት ብር ተርፎኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ባንክ ደረስሁ። ሞክሼዬ በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ሲስተም የለም አሉ» አለኝ።

በዚህ ቃል የቀለድሁት ቀልድ ሁሉ ተሰብስቦ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሲስተም የለም። የመጨረሻው የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት ከመነኻሪያው ይጣራል፤ ድምፁ እስከ ባንኩ ይሰማል። ሞክሼዬ ወደዚያ ያያል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ያያል። እኔ ብሮቹን በሁለት እጄ ጨብጬ ላቤ አርሷቸዋል።

«ሞክሼ» አልሁት፣ «አንተ ሂድ። ሚኒባሱ አያምልጥህ።»

«ገንዘቡስ?»

«ከዚህ ወለል አልነቃነቅም። ሲገባ በስልክ ያስታውቁሃል።»

አየኝ። ያመነኝ ይሁን ሌላ ምርጫ ያጣ አላውቅም፤ የሱ ብር በእጄ ነው፤ ከዚህ በፊትም በእጄ ነበር። ሄደ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣቱ ከፋይ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። በወረፋ የነበሩት ሰዎች አሳለፉኝ፤ ከተማው ሁሉ ታሪኬን ያውቀዋላ። የገቢ ወረቀቱን ሞላሁ። የሒሳብ ቁጥሩን ከሞክሼዬ ደብተር እኔው ራሴ ገልብጬ ነበር፤ አንድ በአንድ አነበብሁለት። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ከዚያም የአያቱን ስም በትልቁ ጻፍሁ። ከፋዩ ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳክሮ «ልክ ነው» አለ። ማተሚያው ቀጭ ቀጭ ብሎ ደረሰኙን ሰጠኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ። ሚኒባሱ ቡሬ ደርሷል። በስልኩ ውስጥ የተሳፋሪው ጫጫታ ይሰማል፤ ከዚያ መካከል የሞክሼዬ ድምፅ «ተመስገን» አለ። አንዴ ብቻ።

በተከታዩ እሑድ አስተዳዳሪው ያንኑ መዝገብ ይዘው በዚያው ቦታ ቆሙ። አርባው መሠረዙን ለሕዝቡ መንገር ነበረባቸው፤ እኔም ከፊት እንድቆም አዘዙኝ። ቆምሁ። እኒያ አንድ ቆርቆሮ ከነምስማሩ የሰጡ ሴት ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። «ሦስቱ ግን ጎጆው ላይ ናቸው» አሉ አስተዳዳሪው፣ «ዋጋቸውን ይህ ሰው ከቤቱ ከፍሏል፤ ባለገንዘቡም ተስማምቷል። ስለዚህ ሦስት ብለህ ጻፍ።» ጸሐፊው አርባን ሠርዞ ሦስት ጻፈ። እልል ያለ አልነበረም። አንዲት ብቻ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ በቀስታ አንዴ አለች። ድምፁን አወቅሁት።

ውዝፌ በዓመቱ ተከፈለ። አምስት ሺህ አልሞላም። ሄጄ ከከፋዩ ፊት ቆምሁና «ይህ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የርስዎ» አለኝ። «ከየት የመጣ? ለማን? የአያቱ ስም ማን ይላል?» ሦስት ጊዜ አስምዬ ወሰድሁ፤ ወረፋው ተማረረብኝ። በርበሬዋን መጀመሪያ ተካሁላት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ሞክሼዬ ከባሕር ዳር በተመለሰ በወሩ ይመስለኛል፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ትምህርት ቤታችን በር ላይ አንድ ጆንያ ድንች ጥሎ ሄደ። የቋሪት ድንች ነው፤ አንዱ የሕፃን ራስ ያክላል፤ ይህን አላጋነንሁም። «ዳነች፤ እርሻም ወጥታለች በልልኝ ብሎኛል» አለ ረዳቱ። ጆንያው ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር ነበር። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት የአያቴ ስም።